አንድ ጊዜ አዘግይተው ስድስት ጊዜ የተቀጡት ተከራይ

«ውድ አማካሪ፣ ከአባታችን የወረስነውን ቤት ስድስት ክፍል አድርገን እናከራያለን። ኪራይ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ወንድሜ በኤክሴል አንድ ሠንጠረዥ ሠርቶልኛል፤ ለእያንዳንዱ ተከራይ በየወሩ አንድ ሣጥን አለው፣ የተከፈለውን ስጽፍበት ቀሪውን ራሱ ያወጣል። በውላችን መሠረት ኪራይ በወሩ 1 ቀን ይከፈላል፣ እስከ 5 ቀን እንታገሣለን፣ ካለፈ 300 ቅጣት አለው። የክፍል 3 ተከራይ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኪራያቸው 6,000 ነው። የመጀመሪያውን ወር በ9ኛው ቀን ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ 6,000ውን ከ2ኛው ቀን አሳልፈው አያውቁም። ሠንጠረዡ ግን በስድስተኛው ወር ‹1,800 ይቀርባቸዋል› ይላል። ይህንኑ በመልእክት ጻፍኩላቸው። በማግስቱ የባንክ ደረሰኞቻቸውን በፖስታ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ‹ልጄ፣ እኔ ያዘገየሁት አንድ ጊዜ ነው› ብለው ወጡ። ወንድሜ ‹ኮምፒውተር አይሳሳትም፤ የክፍል 5 ተከራይም አንድ ጊዜ አዘግይታ፣ በሦስተኛው ወር መጨረሻ 900 ስትጠየቅ ያለ ንግግር ከፍላለች› ይላል። ልማራቸው ወይስ ልጽና? ለእያንዳንዱ ተከራይ ታትሞ የሚሰጥ የሂሳብ ወረቀትስ እንዴት ላዘጋጅ?» — ግራ የገባት አከራይ

እህቴ፣ ምሕረቱንና ጽናቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና ያንን ፖስታ ክፈቺው። 1,800ን ለ300 ብታካፍዪው 6 ይመጣል። መምህሩ በዚህ ቤት የከፈሉት የስድስት ወር ኪራይ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ በየወሩ አንድ ቅጣት ጥሎባቸዋል ማለት ነው፤ በ2ኛው ቀን በከፈሉባቸው አምስት ወራትም ጭምር። ወንድምሽ እንዳለው ኮምፒውተሩ በመደመር አልተሳሳተም። ችግሩ የታዘዘው ነገር ላይ ነው፤ ያዘዘውም ሰው ቢሆን ክፋት አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። ይህን ስህተት ሠርተው ሳያውቁት ለዓመታት የቆዩ አከራዮች አጋጥመውኛል።

የሆነውን ቀን በቀን እንከተለው። በመጀመሪያው ወር 5ኛው ቀን አለፈ፣ ሠንጠረዡ 300 ጻፈ። ይህ ልክ ነው። በ9ኛው ቀን 6,000 ገባ። ጠቅላላ ዕዳው 6,300 ስለነበር 300 ቀረ። በሁለተኛው ወር 1ኛ ቀን አዲሱ 6,000 ተጨመረ፣ በ2ኛው ቀን መምህሩ 6,000 ከፈሉ። እዚህ ላይ ሠንጠረዡ ከገባው ገንዘብ ላይ መጀመሪያ ያለፈውን 300 አነሣ፣ ለአዲሱ ኪራይ የተረፈው 5,700 ብቻ ሆነ። 5ኛው ቀን ሲያልፍ ኪራዩ 300 ጎድሎ ስላገኘው ሌላ ቅጣት ጻፈ። አሁን ቀሪው 600 ነው። በሦስተኛው ወር ከሚገባው 6,000 ላይ 600 ለአሮጌው ይሄዳል፣ ኪራዩ በ600 ይጎድላል፣ እንደገና 300፤ ቀሪው 900። በአራተኛው 1,200፣ በአምስተኛው 1,500፣ በስድስተኛው 1,800። መምህሩ በየወሩ በ2ኛው ቀን እየከፈሉ ቢኖሩ እንኳ ይህ አዙሪት አይቆምም። ቅጣት ቅጣትን እየወለደ ነው።

መድኃኒቱ አንዲት የቅደም ተከተል ደንብ ናት፤ የገባ ገንዘብ መጀመሪያ ለኪራይ ይዋል፣ ከኪራይ የተረፈ ብቻ ለቅጣት ይሂድ። የመምህሩን ሂሳብ በዚህ ደንብ ብታስኬጂው የሁለተኛው ወር 6,000 ሙሉ በሙሉ የሁለተኛውን ወር ኪራይ ይዘጋል። የመጀመሪያው ወር 300 እንዳለ ይቆያል እንጂ ሌላ አይወልድም። በስድስተኛው ወር መጨረሻም ቀሪያቸው 300 ነው፤ እርሳቸው «አንድ ጊዜ» እንዳሉት።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውላችሁ ላይ ስለ ክፍያ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነገር አለ? አብዛኛው ውል ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ይህንን ደንብ ጽፈሽ ለሁሉም ተከራዮች አሳውቂ። ቅጣቱ ራሱ በተፈረመው ውል ውስጥ መኖሩንም አረጋግጪ። በቃል የተባለ ብቻ ከሆነ መሠረቱ ደካማ ነው። በብዙ አገሮች ደግሞ ሕግ የቅጣቱን መጠንና ከስንት ቀን በኋላ መጠየቅ እንደሚቻል ይወስናል፤ ያንቺ 300 እዚያ ገደብ ውስጥ መሆኑን እወቂ።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ ልምጣ። በወር አንድ ሣጥን የሚለው አሠራር ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን አንድን ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስንት እንደገባ። መቼ ገባ? በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በሁለት? ከውስጡ ኪራይ የቱ ነው፣ ቅጣት የቱ? እነዚህን ሁሉ ይውጣቸዋል። ተከራይ ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ የምታሳዪው ነገር የምታጪውም ለዚህ ነው። ሣጥኑን ተይውና በምትኩ «መዝገብ» የሚባል አንድ ረጅም ገጽ ክፈቺ፤ የሆነው ነገር ሁሉ በሆነበት ቀን አንድ ረድፍ ይሁን። ዓምዶቹ ስድስት ይበቃሉ። ሀ (በኮምፒውተሩ A) ቀን፣ B የተከራይ መለያ፣ C ዓይነት፣ D የተጠየቀ፣ E የተከፈለ፣ F ማስታወሻ። ኪራይ በ1ኛው ቀን በD ይጻፋል፣ ዓይነቱ «ኪራይ» ነው። ቅጣትም በD ይጻፋል፣ ዓይነቱ «ቅጣት»። የገባ ገንዘብ በE፣ ዓይነቱ «ክፍያ»፣ ማስታወሻው ላይ የባንክ ደረሰኙ ቁጥር።

በዚህ መዝገብ ላይ ምንም አይሰረዝም። ቅጣት ምሬያለሁ ካልሽ የቀድሞውን ረድፍ አታጥፊ፤ በD አዲስ ረድፍ ላይ -300 ጽፈሽ ዓይነቱን «ቅጣት»፣ ማስታወሻውን «ምሕረት» በዪ። ለምን በE አትጽፊውም? በE የተጻፈ ነገር ሁሉ የገባ ገንዘብ ነው። ምሕረትን እዚያ ካስገባሽው ከባንክ ሂሳብሽ ጋር አይመሳከርልሽም፣ ኪራይ የተከፈለም ያስመስላል። ተከራይ ሲገባ ያስያዘውን ገንዘብም እዚህ መዝገብ ውስጥ አታስገቢው። የርሱ ገንዘብ ነው፣ ሲወጣ የሚመለስለት። ለብቻው ይቀመጥ።

መለያው «ክፍል 3» ባይሆን ይሻላል። መምህሩ ወጥተው ሌላ ሰው ቢገባ አዲሱ ተከራይ የመምህሩን ቀሪ ይወርሳል፤ ይህም እየሆነ ያየሁት ነው። «3-ሀ» ለመምህሩ፣ «3-ለ» ለሚቀጥለው ሰው ይሁን። መለያውንና ዓይነቱንም በእጅ አትጻፊው፣ ከሚወርድ ዝርዝር የሚመረጥ አድርጊው። አንድ ሰው «3-ሀ» ብሎ ከኋላው ባዶ ቦታ ቢጨምር ለዓይን አንድ ነው፣ ለቀመሩ ግን ሌላ ተከራይ ነው፤ ክፍያውም ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል።

ቀጥሎ «ተከራዮች» የሚል ገጽ አዘጋጂ። ከA2 ጀምረሽ የስድስቱን መለያ ወደ ታች ደርድሪ፣ በE1 ላይ የዚህን ወር 5ኛ ቀን ጻፊ። ከዚያ በC2 ላይ ይህን አስገብተሽ ወደ ታች ሳቢው፤

```
=SUMIFS('መዝገብ'!D:D,'መዝገብ'!B:B,A2,'መዝገብ'!C:C,"ኪራይ",'መዝገብ'!A:A,"<="&$E$1)
-SUMIFS('መዝገብ'!E:E,'መዝገብ'!B:B,A2,'መዝገብ'!A:A,"<="&$E$1)
```

የሚለው ቀላል ነው፤ እስከ 5ኛው ቀን የተጠየቀው ኪራይ ብቻ ሲደመር፣ እስከዚያው ቀን የገባው ገንዘብ ሁሉ ሲቀነስ። ቅጣት በዚህ ስሌት ውስጥ የለም፤ ኪራይ ይቅደም ያልነው ደንብ እዚህ ላይ ነው ያለው። መልሱ 0 ወይም ከ0 በታች ከሆነ ኪራዩ በጊዜው ተከፍሏል። ከ0 በላይ ከሆነ ኪራይ ጎድሏል። በመምህሩ ላይ ሞክሪው። በመጀመሪያው ወር 6,000 ያሳያል፣ በቀሩት አምስት ወራት 0።

ወንድምሽ ቅጣቱ በራሱ እንዲጻፍ ሊያደርገው ይፈልግ ይሆናል። እኔ አልመክርም። አንድ ተከራይ በአንድ ወር 200 አጎደለ እንበል፣ ለዚያ ተቀጣ፣ 200ውን ግን ሳያሟላ ከዚያ በኋላ ሙሉ ኪራዩን በጊዜው እየከፈለ ቀጠለ። ቀመሩ በየወሩ 200 ያሳያል፤ ያው አሮጌው 200 ነው እንጂ አዲስ መዘግየት የለም። በራሱ የሚጽፍ ሠንጠረዥ ይህን ሰው በየወሩ ይቀጣዋል፣ እኛም ከጀመርንበት አዙሪት እንመለሳለን። ስለዚህ ቀመሩ ይጠቁምሽ፣ አንቺ አይተሽ ወስኚ፣ ቅጣቱንም በእጅሽ ጻፊው። ስድስት ተከራይ ነው ያለሽ፤ በወር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለአንድ ወር ኪራይ አንድ ቅጣት ብቻ።

ስለ ቀን አንድ ነገር ላክል። ተከራዩ በ5ኛው ቀን ያስተላለፈው ገንዘብ ባንክሽ ውስጥ በ7ኛው ቀን ሊታይ ይችላል። የትኛውን ቀን እንደምትጽፊ ዛሬውኑ ወስኚና ለሁሉም አንድ አድርጊው። እኔ ብሆን ደረሰኙ ላይ ያለውን እወስዳለሁ፤ ባንኩ ለዘገየው ተከራዩ መቀጣት የለበትም።

ወደ ጠየቅሽው ወረቀት ደረስን። መዝገቡ ከተስተካከለ የሂሳብ መግለጫው ከባድ አይደለም። «መግለጫ» በሚል ሦስተኛ ገጽ ላይ በB1 የተከራዩን መለያ፣ በB2 የመጀመሪያውን ቀን፣ በB3 የመጨረሻውን ቀን ጻፊ። በB4 ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ቀሪ ይምጣ፤

```
=SUMIFS('መዝገብ'!D:D,'መዝገብ'!B:B,B1,'መዝገብ'!A:A,"<"&B2)
-SUMIFS('መዝገብ'!E:E,'መዝገብ'!B:B,B1,'መዝገብ'!A:A,"<"&B2)
```

ይህች መነሻ ቀሪ ከሌለች ወረቀቱ ጠብ ይጭራል፤ ተከራዩ በዚህ ወር 6,000 ተጠይቆ 6,000 ከፍሎ መጨረሻው ላይ 300 ሲያይ ከየት መጣ ይልሻል። በA7 ደግሞ የርሱ ረድፎች ብቻ እንዲመጡ፤

```
=FILTER('መዝገብ'!A2:F2000,('መዝገብ'!B2:B2000=B1)*('መዝገብ'!A2:A2000>=B2)*('መዝገብ'!A2:A2000<=B3))
```

FILTER በኤክሴል 2021፣ በማይክሮሶፍት 365 እና በጉግል ሠንጠረዥ ይሠራል። ከዚያ በፊት በነበሩት የኤክሴል ዕትሞች የለም፤ ያንቺ የቆየ ከሆነ መዝገቡን በመለያው አጣርተሽ ረድፎቹን ገልብጪ። በG7 ላይ `=B4+D7-E7`፣ በG8 ላይ `=G7+D8-E8` ጽፈሽ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሳቢው፤ ከእያንዳንዱ ረድፍ በኋላ ስንት እንደቀረ ያሳያል። የተከራዩ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ዓምድ ላይ ነው፣ ጥያቄውም ከዚህ ነው የሚነሣው፣ ስለዚህ መዝገቡ በቀን ቅደም ተከተል መደርደሩን ሳታረጋግጪ አታትሚ። የሚታተመውን ክልል ወስነሽ ስፋቱን በአንድ ገጽ አድርጊና ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪ። ለተከራይ የሚሄደው ፒዲኤፉ ወይም የታተመው ወረቀት ብቻ ነው። ፋይሉን ራሱን ከላክሽለት የአምስቱን ጎረቤቶቹን ዕዳ አብሮ ያነባል፤ ረድፍ መደበቅ መከላከያ አይደለም፣ ማንም ይገልጠዋል።

ከማተምሽ በፊት አንዲት ማመሳከሪያ አለች። የመዝገቡን D በሙሉ ደምሪ፣ E በሙሉ ቀንሺ። ለእያንዳንዱ መለያም ለብቻው እንዲሁ አድርጊ፤ የስድስቱ ተከራዮች ቀሪ ሲደመር ከጠቅላላው ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ መለያው የተሳሳተ ረድፍ አለ። እኩል ሆኖም የአንድ ሰው ክፍያ በመግለጫው ላይ ካልታየ ቀኑን ተመልከቺ፤ ኮምፒውተሩ እንደ ቀን የተረዳው ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይታያል፣ እንደ ተራ ጽሑፍ የወሰደው ወደ ግራ። በጽሑፍነት የተወሰደ ቀን ከመግለጫው ውጭ ይቀራል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ። መጀመሪያ መምህሩ ዘንድ ሳይሆን ወደ ክፍል 5 ነው የምልክሽ። የወንድምሽ ማስረጃ የሆነችው ያቺ ተከራይ ያዘገየችው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ 300 እንጂ 900 አልነበረባትም። በአዲሱ መዝገብ አንድ ቅጣት ብቻ ጻፊና የከፈለችውን ሁሉ አስገቢ፤ ቀሪዋ -600 ሆኖ ይወጣል። ያ 600 የርሷ ነው። ዝም ብላ መክፈሏ ሂሳቡ ልክ መሆኑን አያሳይም። ምናልባት ጠብ ስለፈራች ነው፣ ምናልባት ቤቱን እንዳታጣ። አንቺ ምን ይመስልሻል? የቀሩትን አራት ተከራዮችም በዚሁ ዓይን እያቸው፤ አንድ ጊዜ ያዘገየ ሁሉ ይህ ነገር ደርሶበት ሊሆን ይችላል።

መምህሩን በተመለከተ፣ መዝገቡን ከደረሰኞቻቸው ላይ እየተነሣሽ ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ ሙዪው፣ መግለጫቸውን አትሚ፣ ፖስታውንም ይዘሽ ራስሽ ሂጂ። በመልእክት የተሰደበ ሰው በመልእክት አይታረቅም። «መምህር፣ ደረሰኞችዎ ልክ ናቸው፣ የተሳሳተው ሠንጠረዡ ነው፤ ያለብዎት 1,800 ሳይሆን የመጀመሪያው ወር 300 ብቻ ነው» ማለት ይበቃል። ወንድሜ ነው የሠራው አትበዪ፤ መልእክቱን የላክሽው አንቺ ነሽ።

300ውን ልማራቸው ወይ ላልሽው፣ በውሉ መሠረት ዕዳ ነው፣ ብትጠይቂያቸው አያስነውርም። እኔ ግን አምስት የሐሰት ቅጣት ከጣልኩባቸው በኋላ እውነተኛውን ለመሰብሰብ ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር። ብቻ ይህን አስቢበት። ለርሳቸው በሽምግልናቸው ወይም ቅሬታቸውን ስላሰሙ ምረሽ፣ ዝም ያለችው የክፍል 5 ተከራይ 300 እንዳለ ቢቀር ነገሩ ልብሽን ይቆረቁረዋል? የሚቆረቁርሽ ከሆነ ለሁለቱም ማሪ፣ ለሁለቱም -300 በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ የርሷም ተመላሽ 900 ይሁን። ከመጪው ወር ኪራይ ይቀነስልኝ ወይስ በእጄ ይሰጠኝ የሚለውን ራሷ ትምረጥ። በእጇ ከሰጠሻት በE ላይ -900 ብለሽ መጻፍ አትርሺ፤ አለበለዚያ መዝገቡ አሁንም ገንዘብ እንዳለባችሁ እያሳየ፣ ቀጣዩን ኪራይዋን ያለ ክፍያ ይዘጋዋል።

ወንድምሽን ደግሞ ከጎንሽ አስቀምጪውና የመምህሩን ስድስት ወር በወረቀትና በእርሳስ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ አንድ ላይ አስሉት። ሁለተኛው ወር ላይ ሲደርስ ራሱ ያቆማል።